አጭር አኒሜሽን በአማርኛ መመለስ፦ አፍና ቃል እንዲገጥሙ የማድረግ አሠራር

«ትርጉሙ ልክ ነው፣ ድምፁን የሰጠችውም ጎበዝ ናት፤ ታዲያ አፉና ቃሉ ለምን አይገጥምም?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ብዙዎች ችግሩን የሚፈልጉት ማይክ ላይ ወይም ኤዲቲንግ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ማይክ ከመከፈቱ በፊት ወረቀት ላይ በሰፈረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ጽሕፈቱ ነው፤ ቀረጻውንና ሚክሱን ከዚያ ባጠረ መንገድ አሳይሃለሁ። እዚህ የምናስበው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚረዝም፣ ሁለት ወይም ሦስት ገጸ ባሕርያት የሚነጋገሩበት አጭር ፊልም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፊልሙ ጥሩ ቅጂ፣ ከተቻለም ንግግር የሌለበት የሙዚቃና የድምፅ ማጀቢያ ትራክ
- የመጀመሪያው ቋንቋ ስክሪፕት (ከሌለ እየሰማህ ትጽፈዋለህ)
- ቪዲዮ እያሳየ ድምፅ የሚቀርጽ ፕሮግራም፦ ሪፐር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ (የሪዞልቭ ነፃው እትም ይበቃል)
- ፍሬም በፍሬም የሚያሳይ ማጫወቻ፤ እኔ mpv እጠቀማለሁ
- ኮንደንሰር ማይክና የማይክ ማቆሚያ፣ የ«ፐ» እና የ«በ» ትንፋሽ የሚከላከል ፖፕ ፊልተር
- ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን
- ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ
- እርሳስ፣ ላጲስና የታተመ ስክሪፕት

1. ፈቃዱንና ቅጂውን አረጋግጥ

ንግግርን ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ከዋናው ሥራ የሚወለድ አዲስ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጣ ፊልም ከሆነ የፈቃዱን ዓይነት አንብብ። ND የሚል ፊደል ካለበት ሥራውን ቀይረህ ማሰራጨት አትችልም፤ ትርጉምም እንደ ለውጥ ይቆጠራል። BY ብቻ ከሆነ የሠሪዎቹን ስምና ፈቃዱን ጠቅሰህ፣ ለውጥ ማድረግህንም ገልጸህ መሥራት ትችላለህ። ለልምምድ የሚሆን ፊልም ለሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የምጠቁመው የብሌንደር ፋውንዴሽንን «ሲንቴል» (2010) ነው፤ በ CC BY 3.0 የወጣ ስለሆነ ያለ ስጋት ልትለማመድበት ትችላለህ።

ቀጥሎ ffmpeg የተባለውን ፕሮግራም ጭነህ፣ አብሮት በሚመጣው ffprobe የፍሬም ፍጥነቱን እይ፤ ትእዛዙን የምትጽፈው ተርሚናል ላይ ነው፦

```
ffprobe -v error -select_streams v:0 -show_entries stream=r_frame_rate -of csv=p=0 film.mp4
```

24/1 ካለህ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ይህን ቁጥር በቀረጻ ፕሮግራምህም ውስጥ አንድ ዓይነት አድርገህ አስገባ። 24 የነበረው ፊልም በሌላ እጅ ወደ 25 ተፋጥኖ ከሆነና አንተ ድምፁን በዋናው ቅጂ ላይ ከሠራኸው፣ በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ ያህል እየተራራቀ ይሄዳል። መጀመሪያው ላይ ገጥሞ መጨረሻው ላይ የሚሸሽ ድምፅ ካጋጠመህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህንን ነው።

የሙዚቃና የድምፅ ማጀቢያውን ለብቻው ከባለቤቱ ጠይቅ። ካልተገኘና ፊልሙ 5.1 ድምፅ፣ ማለትም በስድስት ቻናል የተከፈለ ድምፅ፣ ያለው ቅጂ ካለው፣ ንግግሩ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በመሃለኛው ቻናል ላይ ስለሆነ እሱን ዝም አሰኝተህ ስማ። የእግር ኮቴና የበር ድምፅ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋውን አንድ በአንድ መዝግብ፣ በኋላ ራስህ ቀርጸህ ትመልሰዋለህ።

2. ሰዓት የሚታይበት የሥራ ቅጂ አዘጋጅ

ጸሐፊው፣ ተዋናይዋና ኤዲተሩ ስለ አንድ ቅጽበት ሲነጋገሩ በአንድ ቁጥር መግባባት አለባቸው። «እዚያ ጋ ስትዞር» ከተባለ ሦስት ሰው ሦስት ቦታ ያያል። ስለዚህ ታይምኮዱ፣ ማለትም ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ፍሬም የሚያሳየው ቁጥር፣ ምስሉ ላይ ይታተም፤ ፊልምህ 24 ካልሆነ rate=24 የሚለውን ደረጃ 1 ላይ ባገኘኸው ቁጥር ተካ፦

```
ffmpeg -i film.mp4 -vf "drawtext=timecode='00\:00\:00\:00':rate=24:fontsize=36:fontcolor=white:x=20:y=20" -c:a copy film_tc.mp4
```

ዊንዶውስ ላይ ፊደሉን አላገኘሁም ካለህ ከ drawtext= ቀጥሎ የፎንቱን ፋይል በ fontfile ጨምርለት። በ mpv ስታይ የነጥብ ቁልፍ (.) አንድ ፍሬም ወደፊት፣ የኮማ ቁልፍ (,) አንድ ፍሬም ወደኋላ ይወስድሃል።

3. የአፍ ካርታ ሥራ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን ይኸው ነው። ድምፁን አጥፋና እያንዳንዱን ንግግር ፍሬም በፍሬም እየሄድክ አፉ ምን እንደሚመስል ጻፍ። ድምፁን የምታጠፋው ምክንያት አለው፦ የሰማኸው ቃል ዓይንህን ያታልለዋል፤ ያልተዘጋውን ከንፈር የተዘጋ ያስመስልሃል።

ደግነቱ በካርቱን ፊት ላይ የሚሳሉት የአፍ ቅርጾች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ፊልም ከአሥር በማይበልጡ ቅርጾች ይጨርሳል። በእጅ በሚሳሉ ፊልሞች ደግሞ አንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ይቆያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ድምፅ መግጠም አይጠበቅብህም፤ የሚታየውን ቅርጽ ብቻ ነው የምትገጥመው።

የአማርኛ ጸሐፊ እዚህ ላይ ትልቅ መሣሪያ አለው፤ የፊደል ገበታው ራሱ የአፍ ካርታ ነው። አንድን ፊደል ስታይ አፉ ምን እንደሚሆን ከቅርጹ ታነባለህ፦

- ራብዕ (ማ፣ ላ፣ ካ)፦ አፍ በሰፊው ይከፈታል
- ካዕብና ሳብዕ (ሙ፣ ሞ)፦ ከንፈር ይሞጠሞጣል፤ ሳብዑ ሰፋ ያለ ክብ ነው
- ሣልስና ኃምስ (ሚ፣ ሜ)፦ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል
- ግዕዝ (መ፣ ለ)፦ አፍ በግማሽ ይከፈታል
- ሳድስ (ም፣ ል)፦ የራሱ ቅርጽ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጎረቤቱ ይዋሳል

ከተነባቢዎች መካከል ከውጭ የሚታዩት ጥቂቶች ናቸው። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ከንፈርን ይዘጋሉ። ፈ እና ቨ የላይ ጥርስን የታች ከንፈር ላይ ያሳርፋሉ። ወ፣ እንዲሁም ቋ፣ ጓ፣ ኳ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። ቀ፣ ከ፣ ገ፣ ሀ እና ዘመዶቻቸው የሚፈጠሩት ወደ ውስጥ ስለሆነ ተመልካች አያያቸውም፤ የትም ቦታ ብታስገባቸው አያጋልጡህም።

*ማሳሰቢያ፦* «በ» ሁልጊዜ ከንፈር አይዘጋም። በሁለት አናባቢ መካከል ላልቶ ሲነገር ከንፈሮቹ ይቀራረባሉ እንጂ አይገጥሙም። «ሌባ» በልና መስታወት ውስጥ እይ፤ ከዚያ «ጠብቂኝ» በል። በሁለተኛው «ብ» ጠብቆ ስለሚነገር ከንፈር ተገጥሞ ይቆያል። ስለዚህ በግልጽ የተዘጋ አፍ ያለበት ቦታ ላይ «መ»ን፣ ወይም ቃል የሚጀምር «በ»ን፣ ወይም ጠብቆ የሚነገር ፊደልን ምረጥ። የተዘጋው አፍ ሦስት ወይም አራት ፍሬም ከቆየ ደግሞ ጠብቆ የሚነገር «ም» (እንደ «ጀመረ») ከሌላው ሁሉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ድምፁ ራሱ በተፈጥሮው ረዘም ይላል።

ካርታውን ስትሠራ አፉ የማይታይባቸውን ቦታዎችም ምልክት አድርግ፦ ጀርባ የሰጠ፣ ሩቅ ያለ፣ በእጅ የተሸፈነ። እነዚህ ቦታዎች ነፃ ናቸው፤ ረዘም ያለ ሐሳብህን የምታሳርፈው እዚያ ነው።

4. መጀመሪያ ትርጉሙን ጻፍ፣ ማን ማንን እንደሚያናግር ወስን

አፉን ለጊዜው ረስተህ ሐሳቡን በጥሩ አማርኛ ጻፈው። ይህን ረቂቅ አትጣለው፤ በኋላ አፍ ለመግጠም ስትጠመዝዘው ትርጉሙ እንዳይጠፋ የምታመሳክርበት እሱ ነው።

እዚሁ ላይ እንግሊዝኛው የማይነግርህን ነገር መወሰን አለብህ። አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ልጅቷ አያቷን «ጠብቂኝ» ነው ወይስ «ይጠብቁኝ» የምትላት? ውሳኔው የቤተሰቡን ቅርበት ይናገራል፤ ከዚያም አልፎ የቃሉን ርዝመትና የአፉን ቅርጽ ይለውጣል። «ጠብቂኝ» በተለጠጠ ከንፈር ያልቃል፣ «ይጠብቁኝ» በተሞጠሞጠ። መሃል ላይ ከአንቺ ወደ እርስዎ የሚዘል ገጸ ባሕርይ ተመልካቹን ከታሪኩ ያስወጣዋል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ማን ማንን በምን እንደሚጠራ ሠንጠረዥ አውጣና ለሁሉም ስጥ።

መጠሪያዎቹ ለከንፈርም ይረዱሃል። እማማ፣ እማዬ፣ አባባ፣ ማሙሽ፣ ሚሚ፣ ወንድሜ፤ አብዛኞቹ የቤት መጠሪያዎቻችን በመ እና በበ የተሞሉ ናቸው። የተዘጋ ከንፈር ኖሮ ቃል ሲጠፋብህ መጀመሪያ እነዚህን ሞክር።

5. ቃሉን ከአፉ ጋር ግጠም

ሁሉንም ቅርጽ በአንድ ጊዜ ማሟላት አይቻልም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ንግግሩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ፍሬም መግጠም አለበት፤ አፍ ተዘግቶ ድምፅ ከቀጠለ ማንም ያየዋል። ሁለተኛ የተዘጉ ከንፈሮችና ጥርስ ከንፈር ላይ ያረፈባቸው ቦታዎች። ሦስተኛ በሰፊው ተከፍቶ የሚቆይ አፍ። የተሞጠሞጠና የተለጠጠ ቅርጽ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ትንሽ ልጅ ወደ ፊት የቀደመቻትን አያቷን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ፊቷ ቅርብ ነው። እንግሊዝኛው «ዌይት ፎር ሚ፣ ግራንማ!» ይላል። ርዝመቱ 36 ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። የአፍ ካርታው እንዲህ ወጣ፦

- ፍሬም 1–3፦ የተሞጠሞጠ
- 4–9፦ የተለጠጠ
- 10–12፦ ጥርስ ከንፈር ላይ
- 13–15፦ ትንሽ ክብ
- 16–17፦ የተዘጋ
- 18–21፦ የተለጠጠ
- 22–26፦ በግማሽ የተከፈተ
- 27–28፦ የተዘጋ
- 29–36፦ በሰፊው የተከፈተ

የመጀመሪያው ረቂቅ «አያቴ፣ እባክሽ ጠብቂኝ!» ነበር። ትርጉሙ እንከን የለውም። ግን ሲቆጠር ዘጠኝ ቀለም አለው፤ በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ በሰከንድ ስድስት ማለት ነው፤ ርቃ ለሄደች አያት ለሚጮህ ልጅ ይህ ጥድፊያ ይሆናል። (ቀለም ስትቆጥር ሳድስ የሆነና አናባቢ የማይሰማበትን ፊደል ከጎኑ ካለው ጋር አንድ አድርገህ ቁጠር።) ከዚህ የባሰው ደግሞ መጨረሻው ነው፦ የልጅቷ አፍ ለስምንት ፍሬም በሰፊው ተከፍቶ ሳለ የሚሰማው «ቂኝ» ነው።

አጠራሩን ወደ መጨረሻ አዛውረን መጠሪያውን ስንቀይር «ቆዪኝ፣ እማማ!» መጣ። አምስት ቀለም፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። «ቆ» ከተሞጠሞጠው ይገጥማል፣ «ዪ» ከተለጠጠው፣ «እማማ» ደግሞ ሁለቱን የተዘጉ ከንፈሮችና የመጨረሻውን ሰፊ አፍ ይይዛል። ወረቀት ላይ ያለቀ ይመስላል። ምስሉ ላይ ሲሞከር ግን ፍሬም 10 ላይ ጥርሷ ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው «ኝ» ነው፤ ፊቷ ቅርብ ስለሆነ ይታያል።

ስለዚህ «ጠብቂኝ፣ እማማ!» ተመረጠ። የጠበቀው «ብ» ፍሬም 10–12 ላይ ይውላል። ጥርስ ከንፈር ላይ ያረፈበት ሥዕል ከተዘጋ ከንፈር ጋር ስለሚቀራረብ ዓይን ይቀበለዋል። «ም» ፍሬም 16 ላይ ይዘጋል፤ የመጀመሪያው «ማ» እስከ 26 ይጎተታል፤ ሰው ከሩቅ ሲጠራ «እማ——ማ» ብሎ መጎተቱ ደግሞ የተለመደ ነው። ሁለተኛው መዘጊያ 27 ላይ ይወድቃል፣ የመጨረሻው «ማ» እስከ 36 ክፍት ሆኖ ይቆያል። የከፈልነው ዋጋ ሦስት ነው፦ እስከ ፍሬም 9 የተሞጠሞጠውና የተለጠጠው አፍ «ጠ»ን ይላል፣ ከ13 እስከ 15 ክብ የሆነው አፍ «ቂኝ»ን ይላል፣ ከ18 እስከ 21 የተለጠጠው አፍ «ማ»ን ይላል። ሁሉም ከቅደም ተከተላችን መጨረሻ ላይ ያሉ ቅርጾች ስለሆኑ ያልፋሉ። ልጅቷ ሩቅ ብትሆን ኖሮ «ቆዪኝ» ይሻል ነበር።

ሌላው የምትታገለው የግስ ቦታ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሥዕሉ ግን የተሠራው በሌላ ቋንቋ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ልጅ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ እንደጣለው ሲናገር፣ እንግሊዝኛው «ወንዝ»ን መጨረሻ ላይ ይጠራል፤ ሰሚው ዓይኑን የሚያፈጠውም ያኔ ነው። «ወንዙ ውስጥ ጣልኩት» ካልክ ዜናው አስቀድሞ ወጥቶ ሰሚው ዘግይቶ ይደነግጣል። «ጣልኩት... ወንዙ ውስጥ» በል። የተደናገጠ ሰው በአማርኛም እንዲህ ይናገራል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተጠምዝዞ አይሰማም። ይህን ግን በስሜት በሚነገር ቦታ ብቻ ተጠቀምበት፤ ረጋ ባለ ንግግር ውስጥ ከበዛ ትርጉም ትርጉም ይሸታል።

ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ መጀመሪያ እኔን፣ አንተን፣ እሱን አውጣ፤ ግሱ ባለቤቱን ስለያዘ አይጎድልም። ካጠረ ደግሞ «እኮ»፣ «ታዲያ»፣ «በቃ»፣ «እስቲ» አሉ። አንዱ ይበቃል፤ በየንግግሩ «እኮ» ከገባ ሁሉም ገጸ ባሕርይ አንድ ሰው ይመስላል።

ቃል ያልሆኑ ድምፆችንም ጻፍ። ንግግሩን ስታወጣ ሳቁ፣ ትንፋሹና ድንጋጤው አብሮ ይወጣልና። «ዋው» የሚል አፍ «ውይ!» ይቀበላል፤ ሁለቱም ተሞጥሙጠው ይጀምራሉ። ራሱን ነቅንቆ አፉን በትንሹ ከፈት ለሚያደርግ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተስቦ የሚባለው የእኛው «እ» ብዙ ፍሬም አይፈጅም፤ ለሕዝባችንም «አዎ» ማለት ነው።

6. የቀረጻ ስክሪፕቱን አትም

ለእያንዳንዱ ንግግር ቁጥር፣ ገጸ ባሕርይ፣ መነሻና መድረሻ ታይምኮድ፣ ከዚያም ጽሑፉን ስጥ። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማያሳይ የሚጠብቀውን ፊደል ደግመህ ጻፈው። ከንፈር የሚዘጋበትን በቅንፍ፣ አጭር እረፍትን በ/ አመልክት፦

```
14 | ልጅቷ | 00:01:12:05 – 00:01:13:17 | ጠ[ብብ]ቂኝ፣ / እ[ም]ማ——[ም]ማ!
```

ተዋናይዋ ይህን ስታይ የት መቆየት እንዳለባት ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፤ ያንን ማብራራት ከቀረጻው ሰዓት አይወስድብህም።

7. ቅረጽ

ክፍሉ ትንሽና ለስላሳ ዕቃ የበዛበት ይሁን። ብርድ ልብሱን ወይም ጋቢውን ከተዋናይዋ ጀርባና ከጎኗ ስቀል፤ ማይኩ የሚያየው አቅጣጫ እሱ ነውና። ፍሪጁን ንቀል። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው የዝናብ ሰዓት ቀረጻ አትያዝ፤ የዝናብን ድምፅ ከንግግር ውስጥ መለየት በጣም ከባድ ነው።

ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንሽ ወደ ጎን ቢዞር የ«ፐ» ትንፋሽ አይመታውም። በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ቅረጽ። የድምፁ ጫፍ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል መካከል ይዋል፤ ቀይ የነካ ጩኸት ተሰንጥቆ ይቀራል፣ በኋላ አይጠገንም። ከመጀመርህ በፊት ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ የክፍሉን ዝምታ ቅረጽ፤ በንግግሮች መካከል ያለውን ክፍተት የምትሞላው በእሱ ነው።

ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት በአንድ ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጢጥታ አስገባ። አራተኛው ጢጥታ ሊሰማ በሚገባው ቅጽበት ተዋናይዋ ትጀምራለች። ምስሉን አይታ ለመጀመር ከሞከረች ሁልጊዜ ትዘገያለች፤ ዓይን አይቶ አፍ እስኪንቀሳቀስ ጊዜ ይሄዳልና።

አንድ ንግግር እንዲህ ይቀረጻል፦ አንድ ጊዜ በዋናው ድምፅ ታያለች፣ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ እያየች በአፏ ትሞክረዋለች፣ ከዚያ ይቀረጻል። ዋናውን ድምፅ በቀረጻው ጊዜ በሄድፎን አታሰማት፤ ሳታስበው የእንግሊዝኛውን ዜማ ትከተላለች፣ አማርኛው የባዕድ ቅላጼ ይይዛል። ጩኸትና ለቅሶ ያለባቸውን ንግግሮች ሁሉ ለመጨረሻ አስቀምጥ፤ ከጮኸች በኋላ የተቀረጸ ለስላሳ ንግግር ጎርናና ሆኖ ይቀራል።

ቃሉ አፏ ላይ ካልተመቸ እዚያው ቀይረው፤ ግን ከአፍ ካርታው ጋር ሳታመሳክር አትቀይር። ለዚህ ነው ጸሐፊው ከቀረጻ ክፍሉ መራቅ የሌለበት።

8. አስተካክል

የተሻለውን ቅጂ መርጠህ ምስሉ ላይ ስታስቀምጥ በመጀመሪያ የተዘጉ ከንፈሮችን ግጠም፤ በድምፅ ሞገዱ ላይ «ም» እና «ብ» ሲወርዱ ይታያሉ። የቃሉን መነሻ ብቻ ገጥመህ አትተው።

ፍጹም መግጠም ካልቻለ ድምፁ ይዘግይ እንጂ አይቅደም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ የአይቲዩ፣ BT.1359 ምክረ ሐሳብ እንደሚለው ተመልካች ድምፅ መቅደሙን የሚያውቀው ከ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ጀምሮ ሲሆን፣ መዘግየቱን የሚያውቀው ግን ከ125 ገደማ ጀምሮ ነው። በ24 ፍሬም አንድ ፍሬም 42 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ መቅደም ቢበዛ አንድ ፍሬም፣ መዘግየት ደግሞ እስከ ሁለት ፍሬም ብለህ ያዝ።

ርዝመት ማስተካከል ካለብህ በቅድሚያ የቃላቱን ክፍተት ቁረጥ ወይም ጨምር። ድምፁን ራሱን በፕሮግራም መለጠጥ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ከአምስት በመቶ በላይ ከሄደ በተለይ ጠብቀው የሚነገሩ ፊደላት መላላት ወይም መንተባተብ ይጀምራሉ። ትርጉም የሚለይ ጥብቀት ከጠፋ ደግሞ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ልዩነት ካለ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጽፈህ ቅረጽ።

9. ቀላቅለህ አውጣ

ንግግሩ ቦታው ውስጥ ያለ እንዲመስል አድርግ፦ ዋሻ ውስጥ ያለው ያስተጋባ፣ ሜዳ ላይ ያለው ደረቅ ይሁን፣ የራቀው ይነስ። ከንግግሩ ጋር አብረው የጠፉትን የኮቴና የበር ድምፆች መልስ። ከዚያ ምስሉን ሳትነካ ድምፁን ግጠም፦

```
ffmpeg -i film.mp4 -i amharic_mix.wav -map 0:v -map 1:a -c:v copy -c:a aac -b:a 192k -metadata:s:a:0 language=amh film_amh.mp4
```

amh የአማርኛ መለያ ኮድ ነው፤ ማጫወቻዎች የድምፅ ምርጫ ሲያቀርቡ የሚያነቡት እሱን ነው። የወጣውን ፋይል ከፍተህ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ንግግር እይ። ሦስቱም ላይ ልዩነቱ እኩል ከሆነ ትራኩ በሙሉ ተንሸራቷል፤ እየሰፋ ከሄደ ወደ ደረጃ 1 ተመለስና የፍሬም ፍጥነቱን መርምር።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

*ቀለም ብቻ ቆጥሮ መግጠም።* ቁጥሩ እኩል ሆኖ የተዘጋ ከንፈር ወይም ጥርስ ከንፈር ላይ ያረፈበት ቦታ ካልተሟላ አይገጥምም። ከላይ «ቆዪኝ» የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ፦ ድምፁ በሰዓቱ ይጀምራል፣ በሰዓቱ ያልቃል፣ መሃሉ ግን ያንገዳግዳል።

*የመጽሐፍ አማርኛ።* «እባክሽን ጥቂት ታገሺኝ» የሚል የስድስት ዓመት ልጅ የለም። ረዥም ቃል ቦታ ስለሞላ ብቻ አይመረጥም። ተዋናይዋ ንግግሩን ማንበብ ከጀመረች፣ ማለትም ድምጿ የዜና ድምፅ ከሆነ፣ ጥፋቱን ከእሷ በፊት ጽሑፉ ላይ ፈልግ።

*ትንፋሽን መርሳት።* ገጸ ባሕርዩ ሮጦ መጥቶ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ ድምፁ ግን የተቀመጠ ሰው ድምፅ ከሆነ፣ ከንፈሩ ቢገጥምም አካሉ አይገጥምም። ተዋናይዋ ከዚያ ንግግር በፊት ቦታዋ ላይ ትዝለል፤ ከዚያ ትቀረጽ።

*በስልክ ብቻ መፈተሽ።* በትንሽ ስክሪን የማይታይ ክፍተት በቴሌቪዥን ላይ ጎልቶ ይወጣል። አንዳንድ የብሉቱዝ ሄድፎን ደግሞ ድምፁን ራሱ ስለሚያዘገይ በእሱ እየሰማህ የገጠምከው ሁሉ በሽቦ ስትሰማው ቀድሞ ይገኛል። ደረጃ 8ን በሙሉ በሽቦ ሄድፎን ሥራ።